ሰማዩ በቀን ሰማያዊ፣ ጀምበር ስትጠልቅ ቀይ የሚሆንበት ምክንያት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄ “ሰማይ ለምን ሰማያዊ ሆነ?” ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ሳስበው ለካ አላውቀውም። ቀለል አድርገህ ንገረኝ።

የፀሐይ ብርሃን ነጭ ይምሰል እንጂ ከቀይ እስከ ሐምራዊ ያሉት ቀለሞች ሁሉ ተቀላቅለው ነው የሚመጡት። ይህ ብርሃን አየር ውስጥ ሲገባ አብዛኛው ቀጥ ብሎ ያልፋል። ጥቂቱን ግን የናይትሮጅንና የኦክስጅን ሞለኪውሎች ከመንገዱ አውጥተው በየአቅጣጫው ይበትኑታል። የሚበትኑት ደግሞ ሁሉንም ቀለም እኩል አይደለም፤ ሞገዱ አጭር የሆነውን ሰማያዊውን ይመርጣሉ። ከፀሐይ ዞር ብለህ ወደ ሌላው ሰማይ ስትመለከት ዓይንህ የሚገባው ይኸው የተበተነው ብርሃን ብቻ ነው። ለልጅህ “አየሩ ሰማያዊውን ብርሃን ከሌላው አብልጦ ይበትነዋል፤ ስለዚህ ከየትም በኩል ሰማያዊ ይመጣብናል” ብትለው ምንም ውሸት የለበትም።

ላንተ ደግሞ አንድ ቁጥር ልጨምር። የሰማያዊው ሞገድ ርዝመት 450 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ የጥልቁ ቀይ 700። ቀዩ ከሰማያዊው የሚረዝመው አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ብቻ ነው። የመበተኑ መጠን ግን የሚቀየረው በሞገዱ ርዝመት አራተኛ ርቢ ነው፤ ሞገዱ በአጠረ ቁጥር መበተኑ በዚያ ልክ ያድጋል። አንድ ተኩል ገደማ የነበረው ልዩነት አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ስድስት እጥፍ ይጠጋል። ሰማዩን የሚያቀልመው ይህ ስድስት እጥፍ ነው።

ጥያቄ፦ እኛ የተማርነው ሰማዩ የባሕሩን ቀለም እንደሚያንጸባርቅ ነው። ምድር አብዛኛዋ ውሃ ስለሆነች እኔ አሁንም ትክክል ይመስለኛል።

ነጸብራቅ አለ ማለትህ ልክ ነው፤ አቅጣጫው ነው የተገላበጠው። የውሃው ገጽ ነው ሰማዩን የሚያንጸባርቀው፤ ሰማዩ ሲደፈርስ ባሕሩም አብሮ የሚደፈርሰው ለዚህ ነው። ከዚያ ሌላ ውሃ ራሱ ቀዩን ብርሃን በመጠኑ ስለሚውጥ ጥልቅ ውሃ የራሱ ሰማያዊነት አለው።

ማረጋገጥ ከፈለግህ ከባሕር በሺህ ኪሎ ሜትሮች የራቀ በረሃ ላይ ያለውን ሰማይ አስብ። የባሕሩ ነጸብራቅ ቢሆን ኖሮ እዚያ መደብዘዝ ነበረበት። እንዲያውም አየሩ ደረቅና ንጹሕ በሆነ ቀን ሰማያዊነቱ ከባሕር ዳርቻው ይበልጣል።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ሰማያዊው ተበተነ። ማታም ያው አየር፣ ያችው ፀሐይ ናት። ታዲያ ምን ተለወጠና ነው ቀይ የሚሆነው?

የተለወጠው ብርሃኑ አየር ውስጥ የሚጓዘው መንገድ ርዝመት ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ብርሃኑ ከባቢ አየሩን በአጭሩ፣ ከላይ ወደ ታች ያቋርጠዋል። ይህን መንገድ “አንድ ድርሻ አየር” እንበለው። ፀሐይ ከአድማስ አሥር ዲግሪ ከፍ ብላ ስትታይ ብርሃኑ 5.6 ያህል ድርሻ ያቋርጣል። አድማሱን ስትነካ ደግሞ 38 ድርሻ ገደማ ይሆናል። ምድር ክብ ባትሆን ኖሮ ይህ ቁጥር ማብቂያ አይኖረውም ነበር።

አሁን በቁጥር እንከተለው። አቧራም ጭስም የሌለበት ንጹሕ አየር፣ ተመልካቹም በባሕር ጠለል ላይ ያለ ይሁን። ከሰማያዊው 100፣ ከቀዩም 100 እጅ ብርሃን ከላይ ተነሣ እንበል፤ እዚህ ላይ ቀይ የምለው ጀምበር ላይ በደንብ የሚታየውን የ650 ናኖሜትሩን ነው። እኩለ ቀን ላይ ከሰማያዊው 80፣ ከቀዩ 95 ቀጥ ብሎ ይደርሳል። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ፀሐይዋ ነጭ እንደሆነች ትቆያለች፤ የጎደለው 20 እጅ ሰማያዊ ግን ሰማዩን ለማቅለም በቂ ነው። አሥር ዲግሪ ላይ ስትደርስ ከሰማያዊው የሚቀረው 29 ብቻ ነው፤ ከቀዩ ገና 76 አለ። ፀሐይዋ ቢጫ መምሰል የምትጀምረው እዚህ አካባቢ ነው። አድማሱ ላይ ከቀዩ 15 እጅ ይደርሳል፤ ከአረንጓዴው ሁለት ተኩል ያህል፤ ከሰማያዊው ግን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፣ ከአሥር ሺህ ሁለት ገደማ ነው። እኩል የተነሡት ቀይና ሰማያዊ ሲደርሱ ቀዩ ከ600 እጥፍ በላይ በልጦ ይገኛል።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ፤ ብርሃኑ ማታ ላይ ቀይ “አይደረግም”። ቀይ የሚባል ነገር አልተጨመረበትም፤ ሌላው በመንገድ ላይ ስለተቀነሰ የተረፈው ቀይ ሆኖ ነው። የተቀነሰው ሰማያዊም አልጠፋም። ካንተ በስተ ምዕራብ፣ ፀሐይ ገና ከፍ ባለችበት አገር ላሉ ሰዎች የቀን ሰማይ የሚሆነው በከፊል እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ሐምራዊ ከሰማያዊም ያጠረ ሞገድ አለው። ያልከው ሕግ ትክክል ከሆነ ሰማዩ ሐምራዊ መሆን ነበረበት። ይቺን ሁሉም ሰው ዘሎ ያልፋታል።

ልትዘለል አይገባትም። በ400 ናኖሜትር ያለው ሐምራዊ ከጥልቁ ቀይ ጋር ሲነጻጸር ዘጠኝ እጥፍ ያህል ይበተናል፤ ከሰማያዊው ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህ ሐምራዊው ሰማይ ላይ አለ፤ መሣሪያ ቢለካው ያገኘዋል።

ሐምራዊ ሆኖ የማይታየን በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ፀሐይ ራሷ ከሰማያዊው ይልቅ ሐምራዊውን በትንሹ ነው የምትልከው። ሁለተኛውና ክብደት ያለው ምክንያት ዓይናችን ነው። ዓይን እያንዳንዱን ሞገድ ለብቻው አይቆጥርም፤ ሦስት ዓይነት ቀለም ተቀባይ ሕዋሶች አሉት፤ ቀለም የምንለው የሦስቱ ምላሽ ሲነጻጸር የሚወጣው ነው። በሐምራዊው ዳር ላይ ሦስቱም ደካማ ናቸው። ከሰማይ የሚመጣው ብርሃን ደግሞ ሐምራዊና ሰማያዊ ብቻ ሳይሆን አረንጓዴም፣ ቢጫም፣ ጥቂት ቀይም አለበት። ይህ ቅልቅል ሦስቱን ሕዋሶች የሚቀሰቅሳቸው ንጹሕ ሰማያዊ ከነጭ ጋር ቢደባለቅ በሚቀሰቅሳቸው ልክ ነው። አንጎል ሁለቱን መለየት አይችልም።

ከሁለቱ ምክንያቶች የየትኛው ድርሻ ምን ያህል ነው ብትለኝ ግን ሁሉም በአንድ ቃል አይናገሩም። እኔ ዓይኑን አስቀድማለሁ፤ የፀሐይዋን መቀነስ የሚያስቀድሙም አሉ።

ጥያቄ፦ እኔ ባለሁበት ከተማ ሰማዩ ዝናብ በሌለበት ቀን እንኳ ነጣ ያለ ነው። ይኼ ቀመር ለእኛ አይሠራም ማለት ነው?

ቀመሩማ ይሠራል፤ እናንተ ጋ አየሩ ውስጥ ሌላ ነገር ተጨምሮበት ነው። የአራተኛ ርቢው ሕግ የሚሠራው በታኙ ቅንጣት ከብርሃኑ ሞገድ በጣም ሲያንስ ነው። የአየር ሞለኪውል አንድ ናኖሜትር እንኳ አይሞላም፤ የሚታየው ብርሃን ሞገድ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ነው። ስለዚህ ሞለኪውል በደንብ ይመርጣል። የደመና ጠብታ ግን በ10 እና በ20 ማይክሮሜትር መካከል ነው፤ ከሞገዱ በብዙ እጥፍ ይተልቃል። እንዲህ ያለ ቅንጣት ቀለም አይመርጥም፤ የመጣውን ሁሉ እኩል ይበትናል። ደመና ነጭ የሆነውም፣ የእናንተ ሰማይ የነጣውም በዚሁ ነው። እርጥበት ያሳበጠው ብናኝ፣ የመኪና ጭስና አቧራ መሃል ላይ ይወድቃሉ።

ጥፋቱ የብናኝ መሆኑን መለየት ቀላል ነው። ፀሐይዋ በሕንፃ ጠርዝ ሙሉ በሙሉ እንድትሸፈንልህ ሆነህ በጥላው ውስጥ ቁም፤ በምንም ምክንያት ፀሐይዋን በቀጥታ እንዳታይ። ከዚያ ከጠርዙ ቀጥሎ ያለውን ሰማይ ተመልከት። ሰማያዊው እስከ ጠርዙ ድረስ ከመጣ አየሩ ንጹሕ ነው። በፀሐይዋ ዙሪያ ሰፊ የሚያንጸባርቅ ነጭ ክብ ካለ ግን በአየሩ ውስጥ ትልልቅ ቅንጣቶች ሞልተዋል፤ እነሱ አብዛኛውን ብርሃን የሚበትኑት ወደ ፊት ነውና።

አድማሱ አካባቢ ያለውን ንጣት ግን ለብናኝ ብቻ አትስጠው። በንጹሕ አየርም ቢሆን ወደ አድማስ ስትመለከት የምታየው አየር ወፍራም ስለሆነ ብርሃኑ አንዴ ሳይሆን ደጋግሞ ተበትኖ ነው የሚደርስህ፤ ሰማያዊው በመንገድ ላይ እንደገና ይቀነስበታል። ጥልቁን ሰማያዊ ከፈለግህ ከፀሐይዋ በ90 ዲግሪ ርቀት፣ ከፍ ብለህ ፈልገው።

ጥያቄ፦ ለተማሪዎቼ በብርጭቆ ውሃ ላይ ወተት ጨምሬ በስልክ መብራት አሳየኋቸው። ሰማያዊም ቀይም አልወጣም፤ ሁሉም ነጭ ሆነ። ምን አጥፍቼ ነው?

ወተቱ በዝቶብዎት ነው፤ ምናልባት ብርጭቆውም አጭር ሆኖ። ይህ ሙከራ የሚበላሸው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በወተቱ መጠን ነው። ቅንጣቱ ሲበዛ ብርሃኑ ከአንዱ ቅንጣት ወደ ሌላው እየተወረወረ ቀለሞቹ መልሰው ይቀላቀላሉ፤ ውጤቱ ነጭ ነው።

እንዲህ ያድርጉት። ጎኖቹ ቀጥ ያሉ፣ ርዝመቱ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ጥርት ያለ ዕቃ ይፈልጉ፤ ትንሽ የዓሣ ማኖሪያ ወይም ረጅም የፕላስቲክ ሣጥን ይሆናል። ሁለት ሊትር ንጹሕ ውሃ ይጨምሩበት። ክፍሉን ያጨልሙ። ከአንዱ ጫፍ ነጭ የእጅ ባትሪ፣ ከሌላው ጫፍ ነጭ ወረቀት ያቁሙና ወተት ከመጨመርዎ በፊት ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀለም ተማሪዎቹ እንዲያስተውሉ ያድርጉ፤ ማነጻጸሪያቸው እሱ ነው። ከዚያ ቅባቱ የወጣለት ወተት አምስት ጠብታ ጨምረው ቀስ ብለው ያማስሉ። ከጎን ሲታይ የብርሃኑ መስመር ብቅ ይላል። አሁን ሁለት ሁለት ጠብታ እየጨመሩ በየጊዜው ወረቀቱን ይመልከቱ፤ መጀመሪያ ገርጣ ያለ ቢጫ፣ በኋላ ወደ ብርቱካንማ ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሳይሞላ ይደርሳል።

መቼ ማቆም እንዳለብዎት የሚነግርዎት የባትሪው አምፖል ነው። በውሃው ርዝመት በኩል ሲያዩት ጠርዙ ጥርት ብሎ ከታየ ደህና ነው። ጠርዙ ጠፍቶ በነጭ ጉም ውስጥ ከተዋጠ አልፈዋል፤ ግማሹን ውሃ ደፍተው በንጹሕ ይተኩት። ባትሪው ሞቅ ያለ ቢጫማ ብርሃን የሚሰጥ ዓይነት ከሆነም አይጠቀሙበት፤ ከመነሻው ሰማያዊ የሌለው ብርሃን ሰማያዊ ሊበትን አይችልም።

ከጎን የሚታየው እንደ ሰማዩ የደመቀ ሰማያዊ ይሆናል ብለው ቃል አይግቡላቸው። ነጣ ያለ፣ ሰማያዊ ጥላ ያለበት ነው የሚሆነው፤ የወተቱ የፕሮቲን ቅንጣቶች ከሞለኪውል በብዙ መቶ እጥፍ ስለሚተልቁ ምርጫቸው እንደ አየሩ አይደለም።

ጥያቄ፦ እኔ ነኝ፣ የቅድሙ መምህር። ቅባቱ የወጣለት ወተት የለኝም፤ ተራው አይሆንም?

ይሆናል፤ ቀለሙ ግን ይደክማል። ችግሩ የቅባቱ እንክብሎች ናቸው፤ ትልልቅ ስለሆኑ ሁሉንም ቀለም እኩል ይበትናሉ። በቀጥታ ከላም የታለበ ወተት ከሆነ ሌሊቱን ቀዝቃዛ ቦታ ያሳድሩትና ቅባቱ ሲንሳፈፍ ከሥሩ በጠብታ መሳቢያ ይቅዱ። የታሸገው ወተት ቅባቱ በፋብሪካ ስለደቀቀ አይንሳፈፍም፤ በእሱ ከሆነ የሚሠሩት ጠብታውን ይቀንሱና ረዘም ያለ ዕቃ ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ ሞለኪውል ሞለኪውል ትላለህ እንጂ ጀምበርን የሚያቀላት አቧራና ጭስ ነው። ብክለት በበዛ ቁጥር ጀምበሯ ታምራለች። ይህ በዓይን የሚታይ ነው።

ግማሹ እውነት ነው። በጣም ንጹሕ በሆነ አየር ፀሐይዋ ብዙ ጊዜ ቢጫና ብርቱካንማ ሆና ነው የምትጠልቀው፤ የደም ቀለም ያለው ክብ የምታየው ደቃቅ ጭስ ሲጨመርበት ነው። ከአንድ ማይክሮሜትር ያነሰ ቅንጣት እንደ ሞለኪውሉ ባይሆንም ሰማያዊውን አብልጦ ስለሚበትን የጀመረውን ሥራ ያግዘዋል።

ግን የፀሐይዋን ክብና የሰማዩን ድምቀት ለያያቸው። ብናኙ መሬት አጠገብ ሲበዛ ክቧ ትቀላለች፤ በዙሪያዋ ያለው ሰማይና ደመና ግን ይደበዝዛል፣ አመድ ይመስላል። ከአድማስ ሳትደርስ በብናኙ ውስጥ የምትጠፋበት ቀንም አለ። ሰማዩን ሙሉ የሚያቀጣጥለው መሬት አጠገብ ያለው ሳይሆን ከፍ ብሎ የተዘረጋው ነው። እሳተ ገሞራዎቹ ክራካታው እ.ኤ.አ. በ1883፣ ፒናቱቦ በ1991 ሲፈነዱ የሰልፈር ጋዛቸው ስትራቶስፌር የሚባለው ከፍ ያለ የአየር ንብርብር ደርሶ ደቃቅ የአሲድ ጠብታ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ በየአገሩ ያልተለመደ ደማቅ የጀምበር ቀለም ታየ።

አቧራን ማስቀደምህ ብቻህን አያስቀርህም። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጌታ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1871 የአራተኛ ርቢውን ሕግ ሲያወጣ በታኞቹ አየር ላይ የተንሳፈፉ ደቃቅ ቅንጣቶች ናቸው ብሎ ነበር የተነሣው። የአየሩ ሞለኪውሎች ብቻቸውን እንደሚበቁ ያሳየው በ1899 ነው።

ጥያቄ፦ አልተቀበልኩህም። እሳት ሲነሣ ጭሱ ፀሐይዋን ሁልጊዜ ቀይ ነው የሚያደርጋት፤ ሌላ አይቼ አላውቅም።

ሁልጊዜስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1950 በካናዳ የተነሣው ትልቅ የደን ቃጠሎ ጭስ አትላንቲክን ተሻግሮ ብሪታንያ ሲደርስ ፀሐይና ጨረቃ ሰማያዊ ሆነው ታይተዋል። የጭሱ ቅንጣቶች መጠናቸው ተቀራራቢ፣ አንድ ማይክሮሜትር አካባቢ ሲሆን ነገሩ ይገለበጥና ቀዩን ከሰማያዊው አብልጠው ይቀንሱታል። እንዲህ ያለ ጭስ ብርቅ ነው፤ በአብዛኛው ያልከው ይሆናል።

ጥያቄ፦ ቀይ ጀምበር በስልኬ ሳነሳ ገርጥታ ቢጫ ትሆናለች። አየሩ ነው ስልኬ?

ስልክሽ ነው። የነጭ ሚዛኑን በራሱ ሲያስተካክል ቀዩን እንደ ስህተት ቆጥሮ ያጠፋዋል። የካሜራውን የእጅ ማስተካከያ ክፈቺና ሚዛኑን በቀን ብርሃን፣ 5500 ኬልቪን አካባቢ ላይ ቆልፊው። ቀጥሎ የብርሃኑን መጠን አንድ ደረጃ ቀንሺ፤ ቀዩ ከልክ ሲያልፍ መጨመር ስለማይችል አረንጓዴው ይደርስበትና ቢጫ ይሆናል።

ጥያቄ፦ አንድ ነገር አልገባኝም። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አናቴ ላይ ያለው ሰማይ ጥልቅ ሰማያዊ ነው። በዚያን ሰዓት የሚደርሰው ብርሃን ረጅም መንገድ የመጣ አይደለም? ቀይ መሆን አልነበረበትም?

እስካሁን ከመጡት ሁሉ የከበደው ይህ ነው። ትክክል ነህ፤ የመበተን ሕግ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚያን ሰዓት አናትህ ላይ ያለው ሰማይ ግራጫ ወይም ቢጫማ መሆን ነበረበት። ወደ አናትህ ከፍታ የሚደርሰው የፀሐይ ብርሃን ከባቢ አየሩን አግድም አቋርጦ ስለሚመጣ ሰማያዊው በመንገድ ላይ ብዙ ተቀንሶበታል።

ሰማያዊውን የሚመልሰው ኦዞን ነው። ኦዞንን የምናውቀው አልትራቫዮሌትን በመከላከሉ ነው፤ ነገር ግን ከሚታየው ብርሃን ውስጥም ብርቱካንማና ቀዩን፣ በተለይ 600 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን፣ በጥቂቱ ይውጣል። መበተን ሳይሆን መዋጥ ነው። ቀን ላይ ብርሃኑ የኦዞኑን ንብርብር በአጭሩ ስለሚያቋርጥ ይህ ከቁጥር አይገባም። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን በንብርብሩ ውስጥ አግድም ረጅም መንገድ ይሄዳልና ቀዩ እየተዋጠ ይሄዳል። ኸልበርት የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ይህን እ.ኤ.አ. በ1953 አስልቶ አሳይቷል።

ራስህ ለማየት ደመና በሌለበት ምሽት ፀሐይ ከጠለቀች 15 ወይም 20 ደቂቃ በኋላ የመንገድ መብራት ከሌለበት ቦታ ሆነህ መጀመሪያ አናትህን፣ ቀጥሎ ምዕራቡን ተመልከት። የምዕራቡ ቀይና ብርቱካንማ የመበተን ሥራ ነው፤ የአናትህ ሰማያዊ ግን በአብዛኛው የኦዞን።